«ኧሬ ያር» ማለት «ኧረ አቦ» ነው

«ሰላም ቤተሰብ። የህንድ ፊልም ነፍሴ ነው፣ ግን ያር፣ ጃን፣ ኧሬ የሚሏቸው ቃላት ግራ ያጋቡኛል። ከሥር የሚመጣው ጽሑፍ አንዴ ጓደኛዬ፣ አንዴ ፍቅሬ ይላቸዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይዘላቸዋል። ትናንት ደግሞ ሽጉጥ የደገነ ወንበዴ ሊገድለው ያለውን ሰውዬ ሜሪ ጃን አለው። ይወደዋል እንዴ?»

ወንድሜ፣ አይወደውም። ወደ ሽጉጡ እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሂንዲን ከየት እንዳመጣሁት ልንገርህ። ህንድ ሄጄ አላውቅም። ሻርጃ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት የሃይደራባድ ሴቶች አብረውኝ ነበሩ፣ ቆራጩ ደግሞ የላክናው ሰው፣ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ማስተርጂ የምንላቸው። ማታ ማታ ሴቶቹ ክፍል ፊልም እናያለን፣ እኔ በየመሀሉ «ምን አለ? ምን አለች?» እያልኩ አስቸግራቸዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመድኩት።

ከኧሬ እንጀምር፣ እሱን ሳትማር ታውቀዋለህና። የኛው «ኧረ» ነው ማለት ይቻላል። ድምፁም ሥራውም። እንግዳ በር ላይ ሲመጣ ህንዶቹ «ኧሬ አይዬ፣ አይዬ» ይላሉ፣ እኛ «ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ» እንደምንለው። አንድ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅህ «ኧሬ ነሂ ነሂ»፣ በኛ «ኧረ ምንም አይደል»። ስታመሰግናቸውም እንደዚያው። መጀመሪያ ስሰማው ከኛ የወሰዱት መስሎኝ ነበር፣ ሴቶቹ ሲስቁብኝ አመሹ። እነሱ ከድሮ ከሳንስክሪት ጀምሮ አላቸው።

ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። አንድ የረሱት ነገር ትዝ ሲላቸው «ኧሬ ሃ!» ይላሉ። እዚህ ቦታ ላይ «ኧረ አዎ» ብለህ ብትተረጉመው ከሰው ጋር የሚከራከር ነው የሚመስለው፣ ትክክለኛው «ውይ፣ አዎ ለካ!» ነው። ሲደነቁ ደግሞ «ኧሬ ዋህ!» አለ፣ ይሄ «ወይ ጉድ» ወይም «በስመአብ» ዓይነት ነው፣ ግን ደስ ያለው። ሌላው፣ በኧሬ ሰው ይጠራበታል። በ1975 የወጣውን ሾሌይን ካየህ፣ ሽፍታው ጋባር ሲንግ ዓለቱ ላይ የተቀመጠውን አሽከሩን የሚጠራው «ኧሬ ኦ ሳምባ» ብሎ ነው። «ኧሬ ኦ» ሲመጣ ጠሪው የበላይ ነው፣ ተጠሪው ደግሞ ሩቅ ያለ የበታች ነው። «አንተ ሳምባ፣ አንተ!» ብለህ አስበው። ከዚህ የባሰው «አቤ» ነው፣ እሱ ስድብ ሊከተለው የተዘጋጀ ቃል ነው። እኛ ሲጠሩን «አቤት» እያልን ላደግነው ይሄ ያስቃል፤ እኔ አንድ ቀን ማስተርጂ ሲጠሩኝ ሳላስበው «አቤት» ብዬ፣ ምን አለች ብለው ዞረው አይተውኛል።

ያርን ግን በስህተት ነው የተማርኩት።

ሴቶቹ ክር ሲበጠስባቸውም፣ መብራት ሲጠፋም፣ ሻይ ሲደፋም «ክያ ያር!» ይላሉ። «ምን ጣጣ ነው አቦ» እንደማለት ነው። ወደድኩት። አንድ ቀን ማስተርጂ አንድን ሱሪ ለሦስተኛ ጊዜ ፍቺው ብለው መለሱልኝ፣ ደክሞኝ ስለነበር ፊታቸው ላይ «ክያ ያር!» አልኩ። ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ። ማስተርጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሜ ቴራ ያር ሁ?» አሉኝ። እኔ ያንቺ ያር ነኝ? ሴቶቹ ጨርቅ አፋቸው ውስጥ ከትተው ይስቃሉ።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ያር የእኩያ ቃል ነው። ለታላቅ፣ ለአለቃ፣ ለአማት አይባልም። ሁለተኛውን ማታ ነው ያስረዱኝ። ያር ከፋርስኛ የመጣ ነው፣ ጓደኛም ወዳጅም ማለት ነው። በድሮ ዘፈንና በሱፊ ግጥም «ያር» ሲባል የሚፈቀረው ሰው ነው፣ አንዳንዴም ራሱ ፈጣሪ። ወደ ሰፈር ወሬ ሲወርድ ግን «የሷ ያር» ማለት የሷ ውሽማ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌው «እኔ ያንቺ ያር ነኝ?» ሲሉ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ቀልድ ነበር። ፊልም ላይም ይሄንን ልብ በል። «ያር» ለሚያነጋግሩት ሰው በቀጥታ ሲባል ጓደኝነት ነው፤ ስለ አንዲት ሴት በሌለችበት «ኡስካ ያር» ሲባል ግን ክስ ነው፣ ከሥር «ጓደኛዋ» ተብሎ ቢጻፍም እንኳ አትመነው።

በአማርኛ ለያር የምመርጠው «አቦ»ን ነው። እንደሱ ወንድ ለወንድም፣ ሴት ለሴትም ይላል፣ ለታላቅ አይሆንም። «ጓደኛዬ» ብሎ መተርጎም ቃሉን ይገድለዋል፤ ማን ነው ሻይ ሲደፋበት «ጓደኛዬ!» የሚለው? ቦታውም ድምፁን ይቀይረዋል። መጀመሪያ ላይ ሲመጣ፣ «ያር፣ ኤክ ባት ባታ»፣ ሰውዬው ሊጠይቅ ወይም ሚስጥር ሊያወጣ ነው፣ «ስማማ፣ አንድ ነገር ንገረኝ» ነው። መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ «ቡክ ለጊ ሄ ያር»፣ ማጉረምረም ነው፣ «ራበኝ እኮ አቦ»። አባት ለልጁ ያር ካለ ደግሞ ፊልሙ ሆን ብሎ እያሳየህ ነው፦ ይሄ አባት ከልጁ ጋር እንደ ጓደኛ ነው። ልጅ ለአባቱ ያር ካለ ግን ወይ ቤቱ በጣም ዘመናዊ ነው፣ ወይ ጥፊ እየመጣ ነው።

አሁን አንድ መስመር ልውሰድና ቃሎቹን እያፈራረቅሁ ላሳይህ። «ክያ ሁዋ?» ማለት «ምን ሆነ?» ነው፣ ብቻውን ሲሆን ስሜት የለውም፣ ሐኪምም ፖሊስም ይለዋል። «ክያ ሁዋ ያር?» ካለ፣ ጓደኛው አንገቱን ደፍቶ አጠገቡ ቁጭ ብሏል፣ «ምን ሆንክ አቦ?» ነው። «ኧሬ! ክያ ሁዋ?» ካለ ግን አሁን ነው በሩን ከፍቶ የገባው፣ ዕቃ ተሰብሮ አየ ወይም ሰው ሲያለቅስ አገኘ፤ «ኧረ! ምን ተፈጠረ?»። «ክያ ሁዋ ጃን?» ሲል ደግሞ ድምፁ ወርዷል፣ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው፣ «ምን ሆንሽብኝ ሆዴ?»። እና «ኧሬ ያር፣ ክያ ሁዋ?» ካለ ትዕግሥቱ አልቋል፦ «ኧረ አቦ፣ ደሞ ምን ሆነ?»። ጥያቄው አንድ ነው፣ የተቀየረው ማን ለማን እንደሚል ብቻ ነው።

ቃሎቹን ብቻ እየሰማህ እርግጠኛ ካልሆንክ የግሡን ጫፍ ስማ። «ሱን» አንተ ነው፣ ቅርብ ወይም ንቀት። «ሱኖ» መካከለኛ ነው፣ ለጓደኛም ለሚስትም። «ሱኒዬ» እርስዎ ነው። ያር ከሱን እና ከሱኖ ጋር ነው የሚውለው፣ ከሱኒዬ ጋር እምብዛም አትሰማውም። ኧሬ ግን ከሦስቱም ጋር ይሄዳል፣ «ኧሬ ሱኒዬ» ብላ ሚስት ባሏን ስትጠራ ምንም ነውር የለውም፣ «ይስሙኝማ» እንደማለት ነው። የባልን ስም መጥራት በሚያሳፍርበት ቤት ስሙ ራሱ «ሱኒዬ» ይሆናል።

ወደ ሽጉጡ። ጃን ማለት ሕይወት፣ ነፍስ ነው፣ እሱም ከፋርስኛ ነው። «ሜሪ ጃን» ሕይወቴ፣ ነፍሴ። ቃሉ በሂንዲ አንስታይ ስለሆነ ለወንድም ለሴትም «ሜሪ» ነው የሚባለው፣ «ሜራ ጃን» አይልም፤ ስለዚህ ከሱ ተነስተህ ለማን እንደተባለ አታውቅም። እናት ለልጇ ትለዋለች፣ ፍቅረኛ ለፍቅረኛው ይለዋል። «ጃኑ» ካለች ወጣትና ቅምጥል ናት። «ጃኔማን» ካለ የፊልም ፍቅር ነው፣ በየቀኑ ኑሮ ብትለው ይሳቅብሃል፣ ወይም መንገድ ላይ ሴት የሚለክፍ ጎረምሳ ትመስላለህ። ከዘመድ ስም ኋላ ሲለጠፍ፣ አሚጃን፣ ባይጃን፣ ፍቅርና አክብሮት አንድ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሙስሊም ቤት እንደሆነ ይነግርሃል።

ጆሮ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። «ማወቅ» የሚለው ግሥም ጃን ይላል፣ ከሌላ ሥር የመጣ ነው። «ጃን ሎ» ማለት እወቅ፣ «ጃን ሌ ሎ» ማለት ነፍሴን ውሰዳት። በመሀል ያለችው አንዲት «ሌ» ናት። «ጃን ቡጅ ከር» ሆን ብሎ ነው። «ጃን ሴ ማር ዱንጋ» ደግሞ እገድልሃለሁ፣ ውስጡ የፍቅር ጠብታ የለም። እኔ አንድ ጊዜ «ጃን ጋዪ» የሚለውን ሰምቼ ሴትዮዋ ሞተች ብዬ ማልቀስ ጀምሬ፣ ለካ «አወቀች» ነው የተባለው፣ የባሏን ሚስጥር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሰሙት፣ ከፊቱ ያለው ነው የሚለያቸው።

ያንተ ወንበዴ ያደረገው የፍቅርን ቃል ሽጉጥ ለደገነበት ሰው መስጠት ነው። እኛም አገር ጉልበተኛ ሊመታ ሲል «ና እስቲ የኔ ጌታ» ይል የለ? እንደዚያ ነው። ምልክቱ ፍጥነቱ ነው፦ ፍቅረኛ «ሜሪ ጃን» ሲል ቶሎ ያልፈዋል፣ ከሌላ ቃል ጋር ተያይዞ ይወጣል። ወንበዴ ግን ያዘገየዋል፣ መጨረሻ ላይ ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ ይስቃል። ያየኸውን መልሰህ ክፈተውና ስማው፣ ከቃሉ በፊት ዝም ያለባት ቅጽበት ትኖራለች። እኔ ብሆን ከሥር «የኔ ቆንጆ» ብዬ ነበር የምጽፈው።