«ከ1.50 ሜትር በታች ጠንካራ ነው» ያልነው መሬት፦ ስለ ታሳቢና ገደብ መዝገብ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎንደሮች። በሕንፃ ሥራ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ አብዛኛው እዚሁ ከተማችንና አዘዞ ነው። ዛሬ የታሳቢና ገደብ መዝገብን፣ ማለትም ሥራ ስናቅድ ሳናረጋግጥ የያዝነውንና ልንቀይረው የማንችለውን የምንጽፍበትን ደብተር በተመለከተ የመጣውን ጥያቄ እንደ ቅደም ተከተሉ እመልሳለሁ።

ጀማሪ መሃንዲስ፣ ማራኪ፦ ጋሼ፣ ታሳቢና ገደብ ይምታቱብኛል። በምን ልለያቸው?

ገደብ ብትወደውም ባትወደውም ያለ ነገር ነው። ታሳቢ ግን ሳታረጋግጥ እንደ እውነት የያዝከው ነው። በፋሲል ግቢ አቅራቢያ ልትቆፍር ነው እንበል። ፈቃድ ማውጣትህ ገደብ ነው፣ አትዘለውም። «ፈቃዱ በ15 ቀን ይወጣል» ብለህ ፕሮግራምህን ከሠራህ ግን 15ቱን ቀን ያመጣሃቸው አንተ ነህ። ያ ታሳቢ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋቸውና ታሳቢው በገደቡ ጥላ ሥር ይደበቃል። ለይተህ በሁለት መስመር ጻፋቸው።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ፒያሳ፦ የግምት መዝገብ ሲባል የዋጋ ግምት መስሎኝ ነው የገባሁት። ክፍሎቼን ለጥምቀት ላሳድስ ነው። ለልስን ስንት ልያዝ?

እህቴ፣ ቃሉ ነው ያሳሳተሽ። ለዚህ ነው እኔ «ግምት» ማለቱን ትቼ «ታሳቢ» የምለው። የልስኑን ዋጋ ክፍሎቹን ያላየ ሰው ቢነግርሽ አትመኚው። ግን የአንቺ ጉዳይ ለዚህ ወሬ ጥሩ አድርጎ ይገባል። ጥር 11 ገደብሽ ነው፤ ማንም አያዘገይልሽም። አሁን ልስን ውሃ ይፈልጋል፤ ከተለሰነ በኋላም እንዳይሰነጠቅ ለቀናት መርጠብ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ሮቶው ይበቃናል» ብለሽ ከጀመርሽ፣ ያ የመጀመሪያው ታሳቢሽ ነው። ሥራው ሳይጀመር ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃው የመጣበትን ቀንና ሮቶው የሞላበትን ያህል ጻፊ። ለማረጋገጥ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም።

ኮንትራክተር፣ አዘዞ፦ ታሳቢ ማለት ስጋት ማለት ነው። ሁሉንም በስጋት መዝገብ ላይ ብጽፈው አይሻልም? ሁለት ደብተር ለምን?

ግማሹ ልክ ነህ ወንድሜ። ሁለቱ አንድ ሥር አላቸው። ግን ሁሉም ታሳቢ ስጋት አይሆንም። እያንዳንዱን «ባይሆንስ ምን ይሰበራል?» ብለህ ጠይቀው። «የቀን ሠራተኛ ከዚሁ ሰፈር እናገኛለን» ብለህ ከሆነ፣ ከዚህ ባይገኝ ከጎረቤት ሰፈር ታመጣለህ፣ የሚሰበር የለም። እንዲህ ያለውን ስጋት መዝገብ ላይ ከከመርከው ዋናው ይጠፋብሃል። ወደ ስጋት የሚሻገረው መጠራጠሪያ ምክንያት ያለውና ቢወድቅ ቀን ወይም ብር የሚበላው ነው። ሲሻገርም የታሳቢውን ቁጥር ይዞ ይሂድ፤ ከየት እንደመጣ በኋላ ትፈልገዋለህ።

ጀማሪ መሃንዲስ፣ ማራኪ፦ ጋሼ፣ አንዱን ከመጻፉ እስከ መውደቁ ያሳዩን።

እሺ፣ ከራሴ ሥራ ልንገርህ። የመማሪያ ክፍሎች ግንባታ ነበር፣ ተዳፋት ቦታ ላይ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍን፦

«ታሳቢ 07፦ በቦታው ሁሉ ከ1.50 ሜትር በታች ጠንካራ መሬት አለ። ምንጭ፦ የጎረቤት ግቢ ቁፋሮ። ባይሆን፦ የመሠረት ቁፋሮው ይጨምራል፣ ወደ ክረምት እንገፋለን። አጣሪ፦ የሳይት መሃንዲስ። እስከ ሚያዝያ 15።»

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው «ምንጭ» የሚለው ነው። የጎረቤት ግቢ የኛ ግቢ አይደለም። ያንን ስናየው ነው ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፈርነው። ከላይ በኩል ያሉት ሁለቱ በ1.40 እና በ1.50 ሜትር ጠንካራውን አገኙ። ሦስተኛው፣ ታችኛው ጥግ ላይ ያለው፣ እስከ 2.40 ሜትር ድረስ ዋልካ ነበር። የዋልካን ነገር ታውቃለህ፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። እሱ ላይ መሠረት አይቀመጥም።

ከዚያ ነው ሰው የሚሳሳተው። ታሳቢ 07ን ሰርዘን «ስጋት፦ አፈሩ ዋልካ ሊሆን ይችላል» ብለን ብንጽፍ ስህተት ነበር። ዋልካ መሆኑ እኮ ታውቋል። የታወቀ ነገር ስጋት አይባልም፤ ዛሬውኑ መፍትሔ የሚፈልግ ችግር ነው። ከ18ቱ የመሠረት ጉድጓዶች ስድስቱ ታች በኩል ነበሩ። ወርድና ርዝመታቸው 2 በ2 ሜትር፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ያህል ሲጨመርባቸው 24 ሜትር ኩብ ትርፍ ቁፋሮ ነው። ይሄ ወደ ችግር መዝገብ ሄደና ለባለቤቱ ወዲያው ተነገረ።

ስጋቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ገደባችን «የመሠረት ኮንክሪት እስከ ሰኔ 10 ያልቃል» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዝናቡ አያሠራም ብለን። በፊተኛው ፕሮግራም ግንቦት 25 እንጨርስ ነበር፣ 15 ቀን መተንፈሻ ነበረን። ትርፉ ቁፋሮ 9 ቀን በላ። ሰኔ 4 ላይ ወደቅን፣ የቀረን 6 ቀን። አዲሱን ስጋት እንዲህ ጻፍነው፦ «መሠረቱ ስለጠለቀ ሥራው ወደ ሰኔ ተጠግቷል፤ ዝናቡ ቀድሞ ከገባ ታችኞቹ ጉድጓዶች ውሃ ይሞላሉ፣ ግድግዳቸው ይናዳል፣ ከሰኔ 10 እናልፋለን።» ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ዝናቡ ግን አይታወቅም። ስጋት የሚያሰኘው ይሄ ነው።

መልሳችን ቀላል ነበር። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከታችኛው ጥግ ጀመርን፣ ፓምፕ ቀድመን ተከራየን። ሌላም አንድ ነገር አደረግን፦ ታሳቢ 07ን አልሰረዝነውም። «ውድቅ፣ ሚያዝያ 14» ብለን የችግሩንና የስጋቱን ቁጥር ጎኑ ላይ አስቀመጥን።

ኮንትራክተር፣ አዘዞ፦ አትቀየመኝና፣ ይሄ ሁሉ መሬቱን ቀድሞ ያለማስመርመር ጣጣ ነው። መዝገቡ ምን አዳነህ?

አልቀየምም፣ እውነት አለህ። ሙሉ የአፈር ምርመራ ቢኖር ታሳቢውም አይኖርም ነበር። ለምርመራው በጀት አልተያዘም፤ እሱ ራሱ ገደብ ነበር። መዝገቡ ያዳነን ቀኑን ነው። ሚያዝያ 14 ያወቅነውን ግንቦት ውስጥ ቁፋሮ ላይ ብናገኘው፣ ከታች የመጀመር ምርጫው አይኖረንም ነበር።

የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ አራዳ፦ «ክፍያ በ30 ቀን ይለቀቃል» ብለን እንጽፍ ስንል አሠሪያችን «እምነት አጣችሁብኝ?» አለን። ምን ይሻላል?

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ባለቤት ይሄንኑ መስመር አስወጥቶ ክፍያው ዘገየና ብረት መግዣ አጣን። ከዚያ ወዲህ የሰውን ስም ሳላነሳ ነው የምጽፈው፦ «የብረት ግዢው የሚሸፈነው ከሁለተኛው ክፍያ ነው።» ይሄ ማንንም አይከስም፣ ክፍያው ቢዘገይ ምን እንደሚቆም ግን ያሳያል።

ኮንትራክተር፣ አዘዞ፦ እሱ መሸፋፈን ነው። 30 ቀኑ ካልተጻፈ መዘግየቱን በምን ትለካዋለህ?

30 ቀኑ ውሉ ላይ ካለ ከዚያ እለካለሁ። ውሉ ላይ ከሌለ ግን ያንተ ክርክር ይበረታል። አስተባባሪዋ፣ ውላችሁ ላይ የክፍያ ቀን አለ ወይ? እስቲ አይተሽ ንገሪን።