«እሱ ግን…» ካሉ በኋላ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ጋዜጠኝነት ተምሬ ጨርሻለሁ። ለሬዲዮ ሥራ ውድድር የራሳችንን ቃለ መጠይቅ እንድናቀርብ ተጠየቅን። እኔ ድሮ ከዘጌ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ እንጨት ያመላልሱ የነበሩ አንድ አባት አነጋገርኩ። ታንኳ ለምን እንደተዉ ስጠይቃቸው «ወጀቡ ሲነሳ ከወንድሜ ጋር ነበርን። እኔ ደንገሉን ያዝኩ፤ እሱ ግን…» ብለው ቆሙ። «ሰጠመ ማለት ነው? በጣም አዝነው ይሆናል» አልኳቸው። «እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው» አሉና አበቃ። ገምጋሚው «የሳቸውን መልስ አንቺ መለስሽው» አለኝ። እንግዳ ሲቆም ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የጻፍሽልኝን መልሰሽ አንብቢው። ወንድማቸው መሞቱን እሳቸው አልተናገሩም። «እሱ ግን» የሚለው «እሱ ግን ዋኝቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቅ አልወረደም» ተብሎም ሊያልቅ ይችል ነበር። «የእግዜር ሥራ ነው» ደግሞ ለሞትም ለመትረፍም ይባላል። አንድ ትልቅ ሰው በእንግድነት ተቀምጦ አንቺን «ተሳስተሻል» ከማለት ነገሩን ማሳለፍ ይቀለዋል። ስለዚህ መቅረጫሽ ላይ ያለው ሞት ያንቺ ግምት ነው፤ ቢተላለፍ ኖሮ ግን የሳቸው ምስክርነት ተብሎ ይሰማ ነበር።

«እሱ ግን» ሲሉ የመጀመሪያው ሥራሽ ዝም ማለት ነው። አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቂ። ለአንቺ ረጅም ይመስልሻል፤ ቀረጻውን መልሰሽ ስትሰሚው ግን አጭር ነው። ዐይንሽ ወደ መቅረጫውም ወደ ማስታወሻሽም አይሂድ፤ ሰውየው ያንን «ቀጥለን እንለፍ» ብሎ ይተረጉመዋል። «እሺ» አትበይ፣ በቃ ሰማሁ ማለት ይሆንብሻልና። ከሁሉ የሚያስቸግረው «አይዞዎት» ነው። ከደግ ልብ ነው የሚወጣው፣ ከአፋችን ለመመለስም ከባድ ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተነገረውን ነገር ሐዘን ነው ብሎ ይወስናል። ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርገሽ መነቅነቅ ይበቃል።

በዚያች ዝምታ ውስጥ ሰውየውን ተመልከቺ። እጃቸው አየር ላይ ከቀረ፣ «ይኸ… ምን ይሉታል» ካሉ፣ ቃል ወይም ዘመን እየፈለጉ ነው፤ ያኔም ቢሆን ያንቺን ቃል አታቀብያቸው፣ ስሕተት ቢሆን እንኳ ለጨዋነት ይቀበሉታልና። አንገታቸውን ደፍተው ምራቃቸውን ከዋጡ ነገሩ ከብዷቸዋል። አጠገብ ወደተቀመጠ ልጅ ወይም ጎረቤት ካዩ ደግሞ እሱ እንዲሰማው የማይፈልጉት ነገር ሊኖር ይችላል፤ እዚያ ላይ መጠበቅሽም መጫን ይሆናል፣ ቶሎ ወደ ሌላ ነገር እለፊ።

ጠብቀሽ ካልቀጠሉ የራሳቸውን የመጨረሻ ቃል መልሺላቸው፤ «እሱ ግን…» ብቻ። ድምፅሽን በጥያቄ አታንሺው፤ እሳቸው ባሉበት ልክ ዝቅ አድርገሽ ተይው። ይህን የምታደርጊው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ምርመራ ይሆናል። አሁንም ዝም ካሉ «ከፈለጉ በኋላ እንመለስበታለን፣ ካልፈለጉም ይለፍ» በያቸውና ከዚያ ቀን ራቅ ወዳለ፣ በቀላሉ ወደሚመልሱት ነገር ውሰጃቸው፤ ለምሳሌ ደንገሉ እንዴት ይታሰር እንደነበር፣ ውሃ የጠጣች ታንኳ እንዴት ትደርቅ እንደነበር። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ሲያወሩ ትንፋሻቸው ይመለሳል። ብዙ ሰው ወደተወው ነገር በራሱ መንገድ የሚመለሰውም እንዲህ ባለው ወሬ መሃል ነው። ማብቂያው ላይ «ሳልጠይቅዎት የቀረ ነገር አለ?» በይ። መቅረጫውን ካጠፋሽ በኋላ ከነገሩሽ ደግሞ «ይህን ልቅረጸው?» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ እዚያው ይቀራል።

ይህ ትዕግሥት ሕይወቱን ለሚነግርሽ ሰው ነው። ስለ ሕዝብ ገንዘብ ተጠይቆ መሃል ላይ የሚያቆም ሹም ሲያጋጥምሽ ጥያቄውን ደግመሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ መልሱን ግን ለእሱም አትጨርሺለት። በቀጥታ ስርጭት ደግሞ ያን ያህል መጠበቅ ላይመችሽ ይችላል፣ ምክንያቱም አድማጭ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይተሽ ቃላቸውን መልሺላቸው።

ለሚቀጥለው ውድድር ይህንኑ ቅጂ በኤዲት ለማዳን አትሞክሪ። ያንቺን ድምፅ ብትቆርጪው «እሱ ግን» እና «የእግዜር ሥራ ነው» ይገጣጠሙና ሞቱን ራሳቸው የተናገሩ ያስመስላል፤ ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ከተመቻቸው ወደ እሳቸው ተመልሰሽ «ባለፈው ሳላስጨርስዎት ተናገርኩ፣ ስለ ወንድምዎ የሚሉትን አልሰማሁም» በያቸው። ቢነግሩሽ ዝምታውን ሳታሳጥሪ እንዳለ አቅርቢው፤ ባይነግሩሽ ታሪኩን «እሱ ግን…» ላይ አቁመሽ ስለ ታንኳው ሥራ የነገሩሽን አስከትይ። ገምጋሚው ለምን እዚያ እንዳቆምሽ ከጠየቀሽ፣ እንግዳው የነገሩሽ እስከዚያ ድረስ ብቻ እንደሆነ ንገሪው።