«ያጸድቃል» ወይስ «ያስጸድቃል»? ስለ ቋሚ ኮሚቴ ዝክረ ተግባር አጻጻፍ

ጥያቄ፦ የምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ቋሚ የፋይናንስና ኦዲት ኮሚቴ ሊያቋቁም ነው። ሰባት አባላት ይኖሩታል፤ አራቱ ከቦርዱ፣ ሦስቱ ከውጭ ባለሙያዎች። ቲኦአሩን፣ ማለትም የኮሚቴውን ሥልጣንና አሠራር የሚደነግገውን ዝክረ ተግባር፣ በአማርኛ አርቅቅ ተባልኩ። ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦ «ኮሚቴው የድርጅቱን በጀትና የሒሳብ ሪፖርት መርምሮ ያጸድቃል። የገንዘብ አያያዙ ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጣል። ምልዓተ ጉባኤው 50+1 ነው። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ይተላለፋል። ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ይቀርባል። ተጠሪነቱ ለቦርዱና ለሥራ አስኪያጁ ነው።» አማርኛው ልክ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ፣ ሁለት ሰዎች ቢጣሉበት ሁለቱም ይህንኑ ወረቀት ይዘው «እኔ ነኝ ልክ» ሊሉ መቻላቸው ነው።

ከሥልጣኑ እንጀምር። «መርምሮ ያጸድቃል» ብለዋል። ያ ማለት በጀቱ ኮሚቴው ጋ አለቀ ማለት ነው። ቦርዱ ቢያየውም ባያየውም ጸድቋል። ቦርድዎ ይህን ፈልጎ ከሆነ ይሁን። ግን አብዛኛው ቦርድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የሚያቋቁመው ጉዳዩን አጣርቶ እንዲያመጣለት እንጂ በእሱ ፈንታ እንዲወስን አይደለም። ያኔ ቃሉ «ያስጸድቃል» ነው። አንዲት «ስ» ገባች፣ ሥልጣኑም ወደ ቦርዱ ተመለሰ። «ይወስናል» እና «ያስወስናል»፣ «ይሾማል» እና «ያሾማል»ም እንደዚሁ ናቸው። ረቂቁን ሲጨርሱ እያንዳንዱን የመጨረሻ ግስ ለብቻው ያክብቡና «ይህን የሚያደርገው ኮሚቴው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ያደርገው ዘንድ ያቀርባል?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ብሆን እንዳያሻማ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የበጀት ረቂቁን ይመረምራል፤ የውሳኔ ሐሳቡን ለቦርዱ አቅርቦ ያስጸድቃል።»

«ያረጋግጣል» ደግሞ የቢሮ አማርኛ አንደኛ ወዳጅ ነው። በየሰነዱ አለ። ሁለት ፊት አለው። አንደኛው አጣርቶ «አዎ፣ እውነት ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው ነገሩ ልክ ሆኖ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ነገ ከካዝናው ገንዘብ ቢጎድል ልዩነቱ ይወጣል። በመጀመሪያው ፍቺ ኮሚቴው «መርምረን ጉድለቱን አገኘን፣ ሥራችንን ሠርተናል» ይላል። በሁለተኛው ፍቺ ሥራ አስኪያጁ «እንዳይጎድል ማድረግ የእናንተ ሥራ ነበር» ብሎ ጣቱን ወደ ኮሚቴው ይቀስራል። ስለዚህ «ያረጋግጣል»ን ያውጡትና በምትኩ የሚታይ ሥራ ያስገቡ፦ «የገንዘብ አያያዙን በየሩብ ዓመቱ ይመረምራል፤ ያገኘውን ጉድለት ለቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቃል።»

ስለ አባላቱ ብዙ የምለው የለኝም። ቁጥሩን ቁርጥ አድርገው ሰባት ብለዋል፤ ጥሩ ነው። «ከአምስት የማያንሱ» የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ጣሪያ ስለሌለው ኋላ ምልዓተ ጉባኤውንም ያናውጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ከሰባቱ አንዱ ነው ወይስ ከቢሮ የሚመደብ ነው? ከቢሮ ከሆነ «ድምፅ የማይሰጥ» ተብሎ ይጻፍ።

አሁን ወደ 50+1። ሁላችንም እንለዋለን፤ በዕድር ስብሰባም በአክሲዮን ማኅበርም ይነገራል። እስቲ በሰባት ሰው ያስሉት። የሰባት ግማሽ ሦስት ተኩል ነው። አንድ ሲደመርበት አራት ተኩል ይሆናል። ግማሽ ሰው አይሰበሰብ ነገር፣ አንዱ «አራት ይበቃል» ሲል ሌላው «የለም፣ ወደ አምስት ይጠጋጋል» ይላል። ቁጥሩ ሙሉ ለሙሉ ለሁለት ሲካፈል ችግር የለም። ስምንት ቢሆኑ በሁለቱም መንገድ አምስት ነው። ጎዶሎ ሲሆን ግን ጭቅጭቅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ ጠንቃቃ ነው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንቀጽ 58 ያስቀመጠው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘትን ነው። ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ በአንቀጽ 64 ሁለት ሦስተኛውን ይጠይቃል። «ከግማሽ በላይ» ቢሉ ለሰባት ሰው አራት ነው፤ አያሻማም።

እሱም ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ከሰባቱ ሁለቱ ለቀው ገና አልተተኩም እንበል። «ከአባላቱ ከግማሽ በላይ» የሚለው የሰባቱ ነው ወይስ የቀሩት አምስቱ? በአንዱ አራት፣ በሌላው ሦስት ይሆናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብዙ መቶ ሰው ስላለው በክፍልፋይ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። የእናንተ ግን ሰባት ሰው ነው፤ ቁጥሩን በቀጥታ መጻፍ ምን ገዶ! «ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ቢያንስ አራት አባላት ሲገኙ ነው፤ ከእነዚህም ቢያንስ ሁለቱ የቦርድ አባላት መሆን አለባቸው።» ሁለተኛውን ሐረግ የጨመርኩት ያለዚያ ሦስቱ የውጭ ባለሙያዎች አንድ የቦርድ አባል ይዘው ምልዓተ ጉባኤ ሊሞሉ ስለሚችሉ ነው። ቦርዱ ይህ ቢሆንም ግድ ከሌለው ሐረጉን ያውጡት።

«በድምፅ ብልጫ»ም የማን ብልጫ እንደሆነ አይናገርም። አራት ሰው ተገኘ። ሁለቱ ደገፉ፣ አንዱ ተቃወመ፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ሁለት ከአንድ ስለሚበልጥ አለፈ የሚል ይኖራል። «ከተገኙት ከግማሽ በላይ» ቢባል ኖሮ ሦስት ድምፅ ያስፈልግ ነበርና ወድቋል። «ከጠቅላላ አባላቱ ከግማሽ በላይ» ቢባል ደግሞ አራቱም መደገፍ ነበረባቸው። ለእንደዚህ ያለ ኮሚቴ መካከለኛው ይበቃል ባይ ነኝ። እኩል ለእኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያልፋል ወይስ ጉዳዩ ይወድቃል? እሱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት።

«ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ይቀርባል» የሚለው ባለቤት የለውም። «ይቀርባል»፣ «ይደረጋል»፣ «ይፈጸማል» ጨዋ ይመስላሉ፤ ሥራው ሲቀር ግን የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ሩብ ዓመቱስ የማን ነው? የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመጀመሪያው ሩብ መስከረም 30 ያልቃል። ብዙ የውጭ ለጋሾች ግን ከጃንዋሪ ነው የሚቆጥሩት። እንዲህ ቢሆንስ፦ «የኮሚቴው ሰብሳቢ የድርጅቱ በጀት ዓመት እያንዳንዱ ሩብ ባለቀ በ15 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ሰብሳቢ የጽሑፍ ሪፖርት ያቀርባል።»

የቀረው ተጠሪነት ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ሳይሆን ሐሳቡ ነው ያሳሰበኝ። ኮሚቴው የሚመረምረው የሥራ አስኪያጁን የገንዘብ አያያዝ ነው። ለሚመረምረው ሰው ተጠሪ ከሆነ ምን ምርመራ አለ? ለሁለት አካል ተጠሪ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 76 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ነው፤ በሚወስነው ውሳኔ ደግሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ሁለተኛው ተጠሪነት በምን ጉዳይ እንደሆነ ግን ተለይቶ ተቀምጧል። የእርስዎ ረቂቅ ሁለቱን በ«ና» አያይዞ ዝም ይላል። ምናልባት ለማለት የፈለጉት ሥራ አስኪያጁ ሰነድ እንዲሰጥና ሪፖርቱን እንዲያይ ይሆናል። ያ ተጠሪነት ሳይሆን የሥራ ግንኙነት ነው፤ ለብቻው ይጻፍ፦ «የኮሚቴው ተጠሪነት ለቦርዱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኮሚቴው የሚጠይቀውን ሰነድ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጣል፤ የሪፖርቱም ግልባጭ ይደርሰዋል።» ግልባጩ ለቦርዱ ከመቅረቡ በፊት ይድረሰው ወይስ በኋላ የሚለውን ግን እኔ ሳልሆን ቦርድዎ ይወስን።