ድሬ ላይ ግፊት ከመለካትሽ በፊት ሰዓቱን ጠይቂ

«ድሬዳዋ ሁለት ቀበሌ ላይ የማህበረሰብ የደም ግፊት ጥናት ልጀምር ነው። መጠይቁን ሌላ ከተማ ከተሠራ ጥናት ነው የወሰድኩት። የፈቃድ ጽሑፉና የልኬቱ ክፍል እንዳለ ይሄዳል ወይስ የምቀይረው አለ? የሠራችሁበት እባካችሁ።»

እህቴ፣ አብዛኛው ይሄዳል። እዚህ የሚያስቸግርሽ ጫቱ ነው። ድሬ ሁለት ዙር፣ ሐረር አንድ ዙር ዳታ ሰብሳቢዎችን ተቆጣጥሬያለሁ። ያጋጠመኝ ችግር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ይደርሳል።

የወሰድሽው መጠይቅ «ጫት ይቅማሉ?» ብሎ «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ይመስለኛል። ይህ ስለ ሰውየው ልማድ ይነግርሻል። የዛሬው ቁጥር ለምን ከፍ እንዳለ ግን አይነግርሽም። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። በተጠና ጊዜ መቃም ከተጀመረ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ላይ ጫፍ ሲደርስ፣ ካቆሙ ከ1 ሰዓት በኋላም ወደ ቦታው እንዳልተመለሰ ታይቷል። እዚህ ሰው ከምሳ በኋላ በርጫ ይቀመጣል። አንቺ 10 ሰዓት ላይ በሩን ስታንኳኪ ጫፉ ላይ አገኘሽው ማለት ነው።

ስለዚህ ከልኬቱ በፊት፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ ሦስት አጭር ጥያቄ ጨምሪ። ዛሬ ቅመዋል? ስንት ሰዓት ጀመሩ? ስንት ሰዓት አቆሙ? «አሁንም እየቃሙ ነው» የሚል ሳጥንም ይኑረው። ጠዋት ስለሆነ አልቃመም ብለሽ አትዝለዪው። ኢጃበና ብለው ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚቅሙ አሉ።

አንድ ሰው ልንገርሽ። ለገሃሬ አካባቢ ያገኘነው የባጃጅ ሹፌር ነው። 7 ሰዓት ላይ ጀምሮ እኛ 10 ሰዓት ላይ ለካነው። 152/94፣ 146/92፣ 144/90 አነበበ። የመጀመሪያውን ትተን የሁለተኛውንና የሦስተኛውን አማካይ ስንወስድ 145/91 ሆነ። መስመሩ 140/90 ስለሆነ በጥናቱ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው ጋር ይቆጠራል። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳይቅም ተመለስን። 138/86፣ 134/84፣ 132/82። አማካዩ 133/83። ልዩነቱ ሁሉ የጫት ነው አልልም። ሰው በሁለተኛው ቀን መሣሪያውን ስለለመደው ይረጋጋል። ግን የሰዓቱ ሳጥን ባይኖር ኖሮ ተመልሰን ለመሄድም አናስብም ነበር።

ቃሚዎችን ከጥናቱ ላውጣ እንዳትዪ። የከተማውን ግማሽ ገጽታ ትተሽ የወጣሽ ያህል ነው። የሚሻለው ልኬቱን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መጨረስ ነው። ጠዋት ያልተገኘውን ከሰዓት ለኪና ሰዓቱን ጻፊ። ኋላ ስትተነትኚ ለይተሽ ታያቸዋለሽ።

ሰዓቱ ራሱ ግን ጉድ ሠርቶናል። በመጀመሪያው ዙር ዳታ ሰብሳቢው ወረቀቱ ላይ «8:20» ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ልጅ 8:20 ብሎ አስገባው፣ ኮምፒውተሩም ጠዋት አደረገው። የጠዋቱንና የከሰዓቱን ስናነጻጽር ምንም ልዩነት ጠፋ። የነቃነው የመለኪያው ማኅደር 14:20 እያለ ሲያሳየን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጥን። አንቺ ቅጹ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብለሽ ጻፊ፣ ጎኑ ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚል ሳጥን አድርጊ።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ለሁሉም ነገር እሺ ይላል። «አቦ፣ ለካኝ! ወንድሜንም ለካው!» ይልሻል። ጓደኞቹ ፊት ነው፣ ደስ ብሎታል። እኔ ያን እሺታ እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም። ቀጠሮ ይዘን ጠዋት እንመለስ ነበር። ደግሞም በርጫ ቤት ውስጥ ቁጥሩ ጮክ ብሎ ከተነበበ ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

እኛ በመጨረሻ የተጠቀምነው ጽሑፍ ይህ ነው፣ ከጠቀመሽ ውሰጂው።

«ስሜ ... ይባላል። በዚህ ቀበሌ ስለ ደም ግፊት ጥናት እያደረግን ነው። የእርስዎ ቤት የተመረጠው በዕጣ ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ፣ የደምዎን ግፊት መጠንም ክንድዎ ላይ ሦስት ጊዜ እለካለሁ። 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መለኪያው ሲነፋ ክንድዎን ለትንሽ ጊዜ ጠበቅ ያደርጋል። ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራም እጠይቃለሁ፤ መመለስ የማይፈልጉትን እንዘለዋለን። መልስዎ የሚያዘው በቁጥር እንጂ በስምዎ አይደለም። ውጤቱን ጽፌ ለእርስዎ ብቻ እሰጣለሁ። ገንዘብ ወይም መድኃኒት አንሰጥም። የዛሬው ልኬት ብቻውን በሽታ አለብዎት ለማለት አይበቃም፤ ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ እነግርዎታለሁ። እምቢ ቢሉ ወይም መሃል ላይ ቢያቋርጡ ጤና ጣቢያ የሚያገኙት አገልግሎት አይቋረጥብዎትም። ጥያቄ አለዎት? ፈቃደኛ ነዎት?»

«የግፊት መጠን» ያልነው ሆን ብለን ነው። ሰው «ግፊት አለብኝ» ሲል በሽታውን ማለቱ ነው። «ግፊትዎን ልለካ» ስትዪው የሚደነግጥ አለ። በሶማልኛው ይብሳል። «ዲግ ካር» የበሽታው ስም ነው። ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን አስቀድመሽ አስተርጉመሽ በሌላ ሰው ወደ አማርኛ አስመልሺው። ዳታ ሰብሳቢው ደጃፍ ላይ ቆሞ እየተረጎመ እንዳያነብ። ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ይፈርማል፣ ከቡድናችሁ ያልሆነ ምስክርም ይቁም።

ልኬቱ ላይ ትልቁ ነገር መቀመጫ ነው። እዚህ ሰው መደብ ላይ ወይ ምንጣፍ ላይ በክንዱ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። እንደዚያ ሆኖ አይለካም። እኛ የሚታጠፍ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ይዘን እንዞር ነበር። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ ሳይቆላለፍ መሬት ይርገጥ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ክንዱ ከልቡ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። ሽንት ቤት ደርሶ ይምጣ። ቡና ወይም ሲጋራ ከወሰደ 30 ደቂቃ ይለፈው። የቤቱ እመቤት ቡና ልታፈላላችሁ ትነሳለች፤ «ከልኬቱ በኋላ እንጠጣለን እናቴ» በዪያት። ከዚያ 15 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በልኬቶቹ መካከል 3 ደቂቃ ይረፍ። እየተለካ አያውራ። ምርቃና ላይ ያለውን ዝም ማሰኘት ግን ከባድ ነው፣ ለጠዋቱ ቀጠሮ ሌላው ምክንያቴ ይሄ ነው።

የክንዱን ዙሪያ በሜትር ለክተሽ ጻፊ። ከ32 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ትልቁን ካፍ እሰሪ፣ መካከለኛው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

180/110 እና ከዚያ በላይ ካገኘሽ አሳርፈሽ ድገሚ። ከደገመ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ላኪ። የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለው ቀጥታ ሆስፒታል። «ቅሞ ነው፣ ይወርዳል» ብሎ የሚተው ዳታ ሰብሳቢ አይኑርሽ።

ፕሪቴስቱን ስትሠሪ ግማሹን ቤት ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት አድርጊው። ማታ ቅጾቹን ስትሰበስቢ መጀመሪያ የጫቱንና የሰዓቱን ሳጥን እዪ። ባዶ ያለበትን በማግስቱ ወደዚያው ቤት መልሺው።