ለጂኤኤምቲ እጥረት የጂም ክሬቲን ይሆናል?

«15 ኪሎ የሚመዝነው ልጄ የጂኤኤምቲ እጥረት አለበት ተባልን። ጂም የሚሠሩ ሰዎች የሚወስዱትን ክሬቲን እንደ እነሱ ልስጠው?»

እንደ እነሱ አይስጡት። ዱቄቱ አንድ ነው፤ መጠኑና ዓላማው ግን ለየቅል። ስፖርተኛ ጡንቻው ውስጥ ባለው ላይ ትንሽ ይጨምራል፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃዋል። የልጅዎ ሰውነት ግን ክሬቲን የሚሠራበት ጂኤኤምቲ የተባለው ኢንዛይም ስለሚጎድለው አንጎሉ ክሬቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ከደም ወደ አንጎል የሚገባውም ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በኪሎ ከ400 እስከ 800 ሚሊግራም ያዝዛሉ። ለልጅዎ በቀን ከ6 እስከ 12 ግራም፣ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ማለት ነው።

ክሬቲን ብቻውንም አይበቃም። ሰውነቱ ውስጥ ጓኒዲኖአሴቴት የሚባል አንጎልን የሚጎዳ ነገር ይጠራቀማል። እሱን ለመቀነስ ኦርኒቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ይጨመራል፣ ፕሮቲንም ይገደባል።

እንዲህ ያሉ ልጆችን ስከታተል ያየሁት አንድ ነገር አለ፦ አንዳንድ የጂም ዱቄት አርጂኒን ተቀላቅሎበታል። ጓኒዲኖአሴቴት የሚሠራው ደግሞ ከአርጂኒን ነው! ንጹሕ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት መሆኑን ሐኪሙ ሳያይ እንዳይጀምሩ።