ሲጋራው ቀርቶ ሐራራው ለምን ይቆያል?

ጥያቄ፦ ሲጋራ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ትናንት ከጎኔ ላይተር ሲጫር ስሰማ ሐራራው እንደ ድሮው ተነሣብኝ። ኒኮቲኑ ገና ከሰውነቴ አልወጣም?

መልስ፦ ከወጣ ቆይቷል። በደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በእርስዎ ዘንድ የቀረው አንጎልዎ የተማረው ነገር ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ ለጦጣዎች ጭማቂ እየሰጠ ባደረገው ሙከራ፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት የመካከለኛው አንጎል ነርቮች መጀመሪያ የሚነቁት ጭማቂው ሲቀመስ ነበር፤ ከጭማቂው በፊት አንድ ምልክት ደጋግሞ ሲታይ ግን ለምልክቱ እየነቁ ለጭማቂው ዝም አሉ። ስለዚህ ዶፓሚን እንደሚወራው የደስታ ንጥረ ነገር ሳይሆን፣ «ከተጠበቀው የተሻለ ነገር መጣ» የሚል መልእክት ነው ማለት ይቀላል፤ ነገሩ እንደተጠበቀው ሲመጣ መልእክቱ ይቆማል። ኒኮቲን ሥርዓቱን የሚጠልፈው እዚህ ላይ ነው። የነርቮቹን ተቀባዮች በቀጥታ ስለሚቀሰቅስ፣ ሲጋራው ቢጠበቅም ዶፓሚኑ መለቀቁ አይቀርም፤ አንጎልም ከሲጋራው በፊት የሚመጣውን ምልክት ዋጋ ደጋግሞ ከፍ ያደርጋል። በቀን 20 ሲጋራ ለ10 ዓመት ያጨሰ ሰው እሳት የለኮሰው 73,000 ጊዜ ያህል ነው፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ኒኮቲኑ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ደርሷል። የላይተሩ ድምፅ ከዚህ ሁሉ በኋላ ተራ ድምፅ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄ፦ ከማቆሜ በፊት ማጨሱ ደስ እንኳ አይለኝም ነበር። ታዲያ ምን ፈልጌ ነው?

መልስ፦ መፈለግና መደሰት በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋባቸው አይጦች ምግብ ፍለጋ አይንቀሳቀሱም፤ ጣፋጭ በአፋቸው ሲገባ ግን እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ሱስ የሚያሳድገው መፈለጉን ነው፤ ደስታው እየደበዘዘ ሄዶ ፍላጎቱ ሊበረታ ይችላል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ ይቀላል ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ለምን ባሰብኝ?

መልስ፦ የነገሩዎት ግማሹ ልክ ነው። ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና አለመረጋጋቱ በመጀመሪያው ሳምንት በርትተው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ በወር ገደማ ይረግባሉ። ምልክት የሚቀሰቅሰው ሐራራ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ኮኬይን በለመዱ አይጦች ላይ እንደታየው፣ ለዕፁ ምልክት የሚሰጡት ምላሽ ካቆሙ ከአንድ ወር በኋላ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የበረታ ነበር። ምልክቱን ሲጋራ ሳይከተለው ደጋግመው ሲያልፉት ምላሹ ይዳከማል፤ ሆኖም ይህ አሮጌውን ትምህርት አይሰርዘውም፤ በላዩ ላይ አዲስ ትምህርት ይደርብበታል እንጂ። አዲሱ ትምህርት ደግሞ ከተገኘበት ቦታ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በቤትዎ ጸጥ ያለው ሐራራ፣ ካቆሙ ወዲህ ረግጠውት በማያውቁት የድሮ ማጨሻ ቦታ ድንገት ሊነሣ የሚችለውም ለዚህ ነው።