ቤት ስትገቡ ማንን ቀድማችሁ ሰላም ትላላችሁ?

ለጥምቀት ከውጭ አገር ባሕር ዳር የምትገቡ ልጆች አለባበሱንም ጉርሻውንም ቶሎ ትለምዱታላችሁ። የሚያስቸግራችሁ ሰላምታው ነው፤ በተለይ ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ስትደርሱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽምብጥ ሰፈር፣ የአባታችሁ ታላቅ እህት ቤት ሄዳችሁ እንበል። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ክፍት ነው ብላችሁ ዘው አትበሉ። ቆም ብላችሁ «ቤቶች!» በሉና «ግቡ» እስኪባል ጠብቁ። ኮፍያና ጥቁር መነጽር እዚያው ይውለቅ። ስልኩም ኪስ ይግባ። ቪዲዮ እየቀረጹ መግባት አሁን አሁን በዝቷል፤ አክስታችሁ ግን ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ካሜራ ሲደቀንባቸው ደስ አይላቸውም። አይናገሩም እንጂ።

ውስጥ አክስታችሁ አሉ። የንስሐ አባታቸው መጥተዋል። ጎረቤቶች ቡና ይጠጣሉ። የአክስታችሁ ልጅ ደግሞ ጥግ ላይ ቆሟል። ከእሱ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ስለምታወሩ እግራችሁ ወደዚያ ይሄዳል። እግራችሁን ያዝ አድርጉት።

ስትገቡ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። ትልልቆቹ «ኖር!» ይላሉ። መልሱ «በእግዜር!» ነው። «ኧረ በማርያም ተቀመጡ» ብትሉበት ደግሞ ያምርባችኋል። ዝም ብላችሁ እጅ ከዘረጋችሁ ያከበሯችሁን ሰዎች አቁማችሁ ተዋችኋቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ ወደ ቄሱ ሂዱ። መስቀላቸውን እስኪያወጡ ጎንበስ ብላችሁ ጠብቁና ተሳለሙ። እጅ ለመጨበጥ አትሽቀዳደሙ። ኦርቶዶክስ ካልሆናችሁ ማንም አያስገድዳችሁም፤ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ አባታችን?» ማለት ይበቃል።

ቀጥሎ አክስታችሁ ናቸው። ወደ ጉልበታቸው ዝቅ በሉ። ብዙ ጊዜ አያደርሷችሁም፤ «ተው ልጄ፣ ተው» እያሉ በትከሻችሁ ይዘው ያነሷችኋል። ጉንጭ መሳሙን ራሳቸው ይጀምሩታል። ሦስቴ የተለመደ ነው፤ ዓመታት ተለያይታችሁ ከሆነ ግን ቁጥር የለውም። እሳቸው ሳይለቋችሁ ቀና አትበሉ። እንደ ነገሩ ጎንበስ ብሎ ወዲያው ቀጥ ማለት ያስታውቃል፤ እኔ በበኩሌ ከዚያስ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። በስልክ «አንቺ» ስትሏቸው ኖራችሁ ይሆናል። ሰው ፊት ግን «እንደምን ከረሙ?» በሏቸው። «እንደምን ዋሉ» ትናንት ለተለያያችሁት ነው፤ «ከረሙ» ግን ረጅም ጊዜ መለየታችሁን እንደምታውቁ ይናገርላችኋል።

ከዚያ በኋላ በተቀመጡበት ተራ ሂዱ፤ ማንንም አትዝለሉ። ቀኝ እጅ ዘርጉ፣ በግራችሁ የቀኝ ክንዳችሁን ደገፍ አድርጉ፣ ጎንበስ በሉ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ እጇ ርሶ ከሆነ ክንዷን ትዘረጋላችኋለች፤ ክንዷን ጨብጡ። ምግብ ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። እሱ ባይነሳላችሁ አይክፋችሁ፤ «እንብላ» ካላችሁ ተቀብሏችኋል። ከጎረቤቶቹ ሙስሊም ሴት ካሉ ወንዶች እጅ ለመዘርጋት አትቅደሙ። እሳቸው ከዘረጉ ጨብጡ፣ ካልዘረጉ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ማቅረብ ይበቃል። ኩሽና ያለችውን የቤት ሠራተኛ አትርሱ። ሕፃናቱን ሳሟቸው። የአክስታችሁ ልጅ መጨረሻ ይምጣ፤ ከእሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋጫችሁ የፈለጋችሁትን ሳቁ።

ባሳዩአችሁ ቦታ ከተቀመጣችሁ በኋላ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። ልጆቹ? ሥራው? ብርዱስ? በየመልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይቅደም። የቤት ኪራዩና የአለቃችሁ ነገር ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ይቆያል። እናንተም መልሳችሁ ጠይቁ፤ ጠያቂዎቹን ብቻ ማስደከም ደግ አይደለም። ስጦታ ካለ፣ በኋላ ጓዳ ለአክስታችሁ ስጡ፣ ሰው ፊት አትዘርግፉት።

ይህ ሁሉ ግን ሐዘን ባልደረሰበት ቤት ነው። እናንተ ውጭ ሳላችሁ የአክስታችሁ ባል አርፈው ከሆነ፣ ዓመት ቢያልፈውም ለቤቱ እናንተ ዛሬ ነው የደረሳችሁት። አክስታችሁ ሲያዩአችሁ ሊያለቅሱ ይችላሉ። እየሳቃችሁ፣ «ናፍቃችሁኛል» እያላችሁ ከገባችሁ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ልብስ ልበሱ። ስትገቡ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» በሉ፣ ካለቀሱም አብራችሁ አልቅሱ፣ ወይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። «በቃ፣ በቃ» የሚል ሽማግሌ ከመካከል አይጠፋም። ሰላምታው የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ስለዚህ ከአውሮፕላን ጣቢያ ስትወጡ ለአክስታችሁ ልጅ ደውሉና ከሄዳችሁ ወዲህ ማን እንዳረፈ በስም ጠይቁት። የእናንተን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም። ወላጆቻችሁ ውጭ አገር ትጨነቃላችሁ ብለው ደብቀዋችሁ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በኛ ዘንድ የተለመደ ነው።